ውጤት ተኮርና ሂደት ተኮር የሥርዓተ ትምህርት ቀረጻ ሞዴሎች፦ የትኛው ለየትኛው ትምህርት ይስማማል?

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ውጤት ተኮርና ሂደት ተኮር የተባሉትን የሥርዓተ ትምህርት ቀረጻ ሞዴሎች በማነጻጸር እያንዳንዳቸው የሚስማሙትን የትምህርት ዓይነት ይመረምራል። ለማነጻጸሪያነት የደም ግፊት አለካክ ሥልጠና፣ በእንግሊዝ አገር የተካሄደው የሰብአዊ ትምህርቶች ፕሮጀክትና በሥነ ዜጋ ትምህርት ውስጥ ያለው የቁጠባ ርዕስ ቀርበዋል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ሞዴል መመረጥ ያለበት በትምህርቱ ስም ሳይሆን ተማሪው እንዲሠራው በሚጠየቀው ሥራ ባሕርይ ነው የሚል ነው። ትክክለኛው ፍጻሜ አስቀድሞ ሊጻፍ የሚችል ከሆነ ውጤት ተኮሩ፣ ሊጻፍ የማይችል ከሆነ ደግሞ ሂደት ተኮሩ ሞዴል ይመረጣል።

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የአጠቃላይ ትምህርት መርሐ ትምህርቶች አደረጃጀት ለማንኛውም መምህር የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ተማሪው ሊደርስበት የሚገባው የመማር ብቃት ይጻፋል፤ ቀጥሎ ይዘቱ፣ ከዚያም የክፍል ውስጥ ተግባሩ፣ በመጨረሻም ምዘናው ይሰለፋል። ይህ ቅደም ተከተል ለሒሳብም፣ ለሥነ ጽሑፍም፣ ለሥነ ዜጋም አንድ ዓይነት ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ዘርፍም ሥልጠናው ከሙያ ደረጃው ይነሣል፤ ሠልጣኙም በብቃት ምዘና ይፈተናል።

ይህ አደረጃጀት ብዙ ጊዜ የሥርዓተ ትምህርት ቀረጻ ብቸኛ መንገድ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ የራሱ ታሪክና የራሱ እሳቤዎች ያሉት አንድ ሞዴል ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚከራከር ሌላ ሞዴልም አለ። ጥያቄው ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚል አይደለም። አንዱ ሞዴል የሚያቃናውን ሥራ ሌላው ሊያበላሸው ስለሚችል ሊጠየቅ የሚገባው የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማ ነው።

2. ውጤት ተኮሩ ሞዴል

የዚህ ሞዴል መነሻ በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ፍራንክሊን ቦቢት እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሥርዓተ ትምህርት ቀራጭ አዋቂዎች በኑሯቸው የሚያከናውኗቸውን ተግባራት ዘርዝሮ ትምህርቱን ከእነዚያ እንዲያወጣ ጠየቀ። ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ሐሳቡን በአራት ጥያቄዎች አደራጀው። ትምህርት ቤቱ የትኞቹን ዓላማዎች ማሳካት ይሻል? ለዚህ የሚያበቁ የመማር ልምዶች የትኞቹ ናቸው? ልምዶቹ እንዴት ይደራጃሉ? ዓላማዎቹ መሳካታቸውስ በምን ይታወቃል? ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 የዓላማን አጻጻፍ ይበልጥ አጠበቀው። በእርሱ አሠራር ዓላማ ሲጻፍ ተማሪው የሚያደርገው የሚታይ ተግባር፣ ተግባሩ የሚፈጸምበት ሁኔታና ተቀባይነት የሚያገኝበት መስፈርት መገለጽ አለባቸው።

የሞዴሉ ጥንካሬ ጎልቶ የሚታየው በትክክለኛ ቦታው ሲውል ነው። ለአብነት ያህል ለነርስነት ሠልጣኞች የደም ግፊት አለካክን የሚያስተምር ክፍል ሊቀረጽ ነው እንበል። ዓላማው ሠልጣኙ በእጅ በሚነፋ መለኪያና በጆሮ ማዳመጫ በመጠቀም የአንድን አዋቂ የደም ግፊት በትክክል ለክቶ ይመዘግባል ተብሎ ይጻፋል። ከዚህ ዓላማ ወደ ኋላ ሲኬድ ደረጃዎቹ በቅደም ተከተል ይገኛሉ። ታካሚው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሮቹን መሬት አስነክቶ ለአምስት ደቂቃ ያህል ያርፋል። ክንዱ በልቡ ትይዩ ይደገፋል። ለክንዱ ውፍረት የሚስማማ ማሰሪያ ተመርጦ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጠመጠማል። የእጅ አንጓ ትርታ የሚጠፋበት ነጥብ ከታወቀ በኋላ መለኪያው ከዚያ ነጥብ በ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ከፍ እስኪል ይነፋል። ከዚያም በሴኮንድ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር እየወረደ ይተነፍሳል። መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ የላይኛውን፣ ድምፁ የጠፋበት ነጥብ ደግሞ የታችኛውን ቁጥር ይሰጣል።

ምዘናውም ከዓላማው በቀጥታ ይወጣል። አሠልጣኙና ሠልጣኙ ሁለት ሰው በሚያዳምጥበት ማዳመጫ አንዱን ልኬት በአንድ ጊዜ ሰምተው ለየብቻ ይመዘግባሉ፤ ልዩነቱ አስቀድሞ ከተወሰነው ገደብ ካለፈ ሠልጣኙ ገና አልበቃም። የስሕተቱ ምንጭም ሊታወቅ ይችላል። ማሰሪያው ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ይላል። አየሩ በጣም ፈጥኖ ከወጣ ደግሞ የላይኛው ቁጥር ዝቅ፣ የታችኛው ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል።

ሞዴሉ ለዚህ ሥራ የተስማማው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ትክክለኛው ፍጻሜ ሠልጣኙ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ብቁ የሆኑ ሁለት መዛኞች አንዱን አፈጻጸም አይተው በውሳኔያቸው ይስማማሉ። ሦስተኛ፣ ከመስፈርቱ መውጣት ስሕተት እንጂ የተለየ አመለካከት አይደለም። ሠላሳ ሠልጣኞች አንዱን ታካሚ ለክተው ሠላሳ የተራራቁ ቁጥሮች ቢያመጡ ማንም በልዩነቱ አይደሰትም። የመድኃኒት መጠን ስሌት፣ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ፣ የፊደል መለየት፣ የክፍልፋዮች መደመርና የላቦራቶሪ ናሙና አወሳሰድ በዚሁ ወገን ይመደባሉ።

3. ሂደት ተኮሩ ሞዴል

በዚህ ሞዴል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሎውረንስ ስቴንሃውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የሥርዓተ ትምህርት ምርምርን የሚመለከት መጽሐፉ ሞዴሉን በሰፊው አብራርቷል። ሐሳቡ ግን ከንባብ ብቻ የተገኘ አልነበረም። ስቴንሃውስ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የሰብአዊ ትምህርቶች ፕሮጀክትን መርቶ ነበር። ፕሮጀክቱ የተዘጋጀው ከ14 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ፣ በአብዛኛው በትምህርት ውጤታቸው መካከለኛና ከዚያ በታች ለሆኑ ተማሪዎች ሲሆን፣ ጦርነት፣ ቤተሰብ፣ ድህነትና ሕግን የመሳሰሉ አከራካሪ ጉዳዮችን ያቀርብ ነበር።

ቀራጮቹ በዚህ ሥራ ላይ አንድ ችግር ገጠማቸው። ስለ ጦርነት የሚወያይ ተማሪ በመጨረሻ ምን ሊል ይገባዋል? ጦርነትን መቃወም አለበት ብሎ ዓላማ መጻፍ ትምህርቱን ስብከት ያደርገዋል። ሦስት የጦርነት መንስኤዎችን ይዘረዝራል ብሎ መጻፍ ደግሞ ውይይቱን ትርፍ ያደርገዋል፤ መንስኤዎቹን ጽፎ ማስጠናት ይበቃልና። ስለዚህ ፕሮጀክቱ የሚጠበቅ የተማሪ ጠባይ መዘርዘሩን ትቶ፣ ፈላስፋው ሪቻርድ ፒተርስ የአካሄድ መርሆች ብሎ በጠራው ሐሳብ ተመራ። ይኸውም የክፍሉ ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ እንጂ በምን እንደሚጠናቀቅ አለመወሰን ነው።

መርሆቹ ጥቂትና ግልጽ ነበሩ። አከራካሪ ጉዳይ በክፍል ውስጥ ይነሣል። መምህሩ የራሱን አቋም በሥልጣኑ አያራምድም። የምርመራው ዋና መንገድ ገለጻ ሳይሆን ውይይት ነው። ውይይቱ ተሳታፊዎችን ወደ አንድ ስምምነት ከመግፋት ይልቅ የሐሳብ ልዩነትን ይጠብቃል። መምህሩ ሰብሳቢ እንደመሆኑ ለመማሩ ጥራትና ደረጃ ተጠያቂ ነው። ለውይይቱ በማስረጃነት የሚያገለግሉ ጽሑፎች፣ ሥዕሎችና ሌሎች ሰነዶችም ተሰናድተው ነበር።

የመጨረሻው መርሕ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሂደት ተኮሩ ሞዴል መስፈርት የሌለው፣ ተማሪው የወደደውን የሚናገርበት ሞዴል አይደለም። መስፈርቱ ከመልሱ ወደ አካሄዱ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ለስቴንሃውስ የአንድ የዕውቀት ዘርፍ ፅንሰ ሐሳቦችና የምርመራ ስልቶች ወደ መደምደሚያ የሚያደርሱ ብቻ ሳይሆኑ ተማሪው የሚያስብባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ስለሆነም አንድ የታሪክ ተማሪ ምንጮችን አመዛዝኖ መምህሩ ያልጠበቀው ድምዳሜ ላይ ቢደርስ ትምህርቱ ተሳካ እንጂ አልከሸፈም። በዚህ ወገን የሥነ ጽሑፍ ንባብ፣ የታሪክ ትርጓሜ፣ የኪነ ጥበብ ፈጠራ፣ የሥነ ምግባር ጥያቄዎችና የምርምር ሥራ ይመደባሉ።

ስቴንሃውስ ራሱ ሁለቱን ሞዴሎች ፍጹም ጠላት አላደረጋቸውም። ትምህርት ቤት የሚያከናውናቸውን ሥራዎች በአራት ከፍሎ ነበር፤ ክህሎት ማሠልጠን፣ መረጃ ማስጨበጥ፣ ከማኅበረሰቡ ደንብና እሴት ጋር ማላመድ፣ ወደ ዕውቀት ዘርፎች አስተሳሰብ ማስገባት። በእርሱ እምነት ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውጤት ተኮሩ ሞዴል ይመቻል፤ ብርቱ ችግር የሚፈጠረው ሞዴሉ በአራተኛው ላይ ሲጫን ነው። ይህ ክፍፍል አንድ ተጨማሪ ነገር ያመለክታል። አራቱም ሥራዎች በአንድ የትምህርት ዓይነት፣ አልፎ ተርፎም በአንድ ርዕስ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ቀጥሎ የቀረበው ምሳሌ ይህንኑ ያሳያል።

4. አንድ ርዕስ፣ ሁለት ሞዴል፦ ቁጠባና እቁብ

ቁጠባ በኢትዮጵያ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ከተዋቀረባቸው 11 እሴቶች አንዱ ነበር። በዚህ ርዕስ ሥር እቁብን የሚመለከት ትምህርት ሊቀረጽ ነው እንበል። ለማስረጃነት 12 አባላት ያሉት፣ እያንዳንዱ አባል በወር 1,000 ብር የሚጥልበትና ዕጣ የደረሰው አባል በየወሩ 12,000 ብር የሚወስድበት ምናባዊ እቁብ ይቀርባል።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ክፍል ስሌት ነው። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት አባል 1,000 ብር ጥሎ 12,000 ብር ይወስዳል፤ የቀረበት መዋጮ 11,000 ብር ስለሆነ በተግባር የማኅበርተኞቹ ባለዕዳ ነው። በስድስተኛው ወር የወጣለት 6,000 ብር የራሱን፣ 6,000 ብር የሌሎችን ይወስዳል። የመጨረሻው ግን ለአሥራ አንዱ አባላት 11,000 ብር ካዋጣ በኋላ የሚወስደው በሙሉ የራሱን ገንዘብ ነው። ስለዚህ በአንዱ እቁብ ውስጥ የፊተኛው ተበዳሪ፣ የኋለኛው ቆጣቢ ሆነው ይገኛሉ። ሁሉም ለመግዛት የሚያስቡት የልብስ ስፌት መኪና በመጀመሪያው ወር 12,000 ብር፣ በመጨረሻው ወር 15,000 ብር ቢሆን ደግሞ የፊተኛው መኪናውን ሲገዛ የኋለኛው 3,000 ብር ይጎድለዋል።

ይህን ክፍል በውጤት ተኮሩ ሞዴል መቅረጽ ተገቢ ነው። ዓላማው ተማሪው የማንኛውንም ዙር ባለዕጣ የተከፈለና ቀሪ መዋጮ፣ እንዲሁም የዋጋ ጭማሪው ያስከተለበትን ጉድለት አስልቶ ያሳያል ተብሎ ይጻፋል። መልሱ አንድ ነው፤ በተለየ ቁጥር ላይ የደረሰ ተማሪ ተሳስቷል። እዚህ ላይ ልዩነትን መጠበቅ ተማሪውን መበደል ይሆናል፤ ስሌቱን ሳይዝ ወደ ቀጣዩ ክፍል ቢገባ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውምና።

ሁለተኛው ክፍል በሚከተለው ጉዳይ ይጀምራል። ልጇ የታመመባት አንዲት አባል የመጀመሪያው ዕጣ ያለ ዕጣ እንዲሰጣት ትጠይቃለች። ሌላው አባል ገንዘቡን ተማምኖ ዕቃ ለመግዛት ቃል ገብቷል፤ ከዕጣው ውጪ ማንም ሊቀድመኝ አይገባም ይላል። የእቁቡ ዳኛ ምን ሊወስን ይገባል? ይህን በውጤት ተኮሩ ሞዴል ለመቅረጽ የሚሞክር ባለሙያ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ወይ ዳኛው ለችግረኛዋ ማስቀደም እንዳለበት ተማሪው ያስረዳል ብሎ የራሱን ፍርድ ዓላማ ያደርገዋል፤ ወይ ተማሪው የእቁብን ሦስት ጥቅሞች ይዘረዝራል ብሎ ጥያቄውን ይሸሸዋል። በሁለተኛው መንገድ ተማሪው ምንም ነገር ሳይመዝን ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

በሂደት ተኮሩ ሞዴል ግን ቀራጩ አራት ነገሮችን ያዘጋጃል። የመጀመሪያው የማስረጃ ስብስብ ነው፤ የእቁቡ መተዳደሪያ ደንብ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያሰሉት ሠንጠረዥ፣ የሁለቱ አባላት አቤቱታና የዋስ ግዴታ ይገኙበታል። ሁለተኛው የአካሄድ መርሕ ነው፤ እያንዳንዱ አስተያየት ከማስረጃው ጋር ይያያዛል፣ በቁጥር ያነሰው ወገን ሐሳቡን ሳይቋረጥ ይጨርሳል፣ የድምፅ ብልጫ ጉዳዩን እንደዘጋው አይቆጠርም። ሦስተኛው የመምህሩ ሚና ነው። መምህሩ አቋሙን አይገልጽም፤ ነገር ግን ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ውሳኔው በሚቀጥለው ወር ሌላ ችግረኛ ቢመጣም ይጸና እንደሆነ ይጠይቃል። አራተኛው የምዘና መስፈርት ነው። ተማሪው በጽሑፍ በሚያቀርበው ፍርድ ውስጥ ተጎጂውን ለይቷል ወይ? ጉዳቱን በስሌቱ አሳይቷል ወይ? ለፍርዱ ተቃራኒ የሆነውን ብርቱ ሐሳብ አንሥቶ መልስ ሰጥቷል ወይ?

በእነዚህ መስፈርቶች ሦስት ጽሑፎች ቢመዘኑ የሞዴሉ አሠራር ግልጽ ይሆናል። አንደኛው ተማሪ ዕጣው መከበር አለበት ይላል፤ ደንቡ አንዴ ከተጣሰ የኋለኞቹ አባላት የሚተማመኑበት ነገር እንደማይኖር አስረድቶ፣ ለታመመው ልጅ ግን ከእቁቡ ውጪ መዋጮ እንዲደረግ ሐሳብ ያቀርባል። ሁለተኛዋ ተማሪ እናትየዋ ትቅደም ትላለች፤ የ11,000 ብሩ ቀሪ መዋጮ በዋስ ከታሰረ የሌሎቹ ሥጋት እንደሚቀንስና ዕጣ ያመለጠው ሰው በቀጣዩ ዙር ሊካስ እንደሚችል ታሳያለች። ሦስተኛው ተማሪ ቁጠባ ለአገር ዕድገት ወሳኝ እንደሆነና ሰዎች መተሳሰብ እንዳለባቸው ይጽፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቃራኒ ፍርድ ሰጥተው እኩል ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። ሦስተኛው ሐሰት ባይጽፍም በጉዳዩ ላይ አልፈረደም፤ ነጥቡም ዝቅ ይላል።

5. ሞዴሉ ያለቦታው ሲውል

ከላይ ከቀረበው ምሳሌ ለቀራጩ የሚያገለግል አንድ መለያ ጥያቄ ማውጣት ይቻላል። ይኸውም ተቃራኒ መልስ የሰጡ ሁለት ተማሪዎች ሁለቱም ከፍተኛውን ነጥብ ማግኘት ይችላሉ ወይ? የሚል ነው። መልሱ አይችሉም ከሆነ ሥራው የውጤት ተኮሩ ነው፤ ይችላሉ ከሆነ የሂደት ተኮሩ ነው።

ጥያቄው የተሸሸጉ ስሕተቶችንም ያጋልጣል። የመጀመሪያው ስሕተት በውይይት ስም የሚካሄድ ገለጻ ነው። መምህሩ ቡድን ከፍሎ ያወያያል፤ በመጨረሻ ግን ትክክለኛውን መልስ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ተማሪዎች ይህን ሁለት ጊዜ ካዩ በሦስተኛው ውይይት ማስረጃውን ትተው የመምህሩን ፊት ማንበብ ይጀምራሉ። ሁለተኛው ስሕተት በተቃራኒው ነው። የመምህሩ ገለልተኝነት ወደ ዝምታ ተለውጦ፣ ያለማስረጃ የተነገረው ሁሉ አስተያየት ነው ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ላይ ሰብሳቢው ለጥራት ያለበት ተጠያቂነት ተዘንግቷል። ሦስተኛውና አደገኛው ስሕተት ክህሎትን ለውይይት መተው ነው፤ የመድኃኒት መጠን ስሌትን በአመለካከት ልዩነት የሚያስተናግድ ክፍል ጉዳቱ በታካሚ ላይ ያርፋል።

ሁለቱም ሞዴሎች በተገቢው ቦታቸው ቢውሉም ገደብ አላቸው። በውጤት ተኮሩ ሞዴል ለመጻፍና ለመለካት የሚቀለው ዓላማ ለመማር ከሚገባው ዓላማ ቀድሞ ቦታ ይይዛል። የሂደት ተኮሩ ሞዴል ድካም ደግሞ በመምህሩ ላይ ይወድቃል። ስቴንሃውስም ሞዴሉ በመምህሩ ጥራትና ፍርድ ላይ እጅግ የተመሠረተ መሆኑን አልሸሸገም፤ መምህሩን የራሱን ክፍል የሚያጠና ተመራማሪ አድርጎ ያየውም ከዚህ የተነሣ ነው። ጽሑፍን በመስፈርት መመዘን ጊዜ ይጠይቃል፤ ስድሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱን ጽሑፍ በአሥር ደቂቃ ማረም ብቻ አሥር ሰዓት ይወስዳል። በተጨማሪም የመዛኞች ስምምነት በራሱ የሚገኝ አይደለም፤ መምህራን የተወሰኑ ጽሑፎችን በጋራ አርመው ስለ መስፈርቱ መነጋገር አለባቸው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሌላው ገደብ ፈተና ነው። የመጨረሻው ምዘና በምርጫ ጥያቄ ብቻ የሚካሄድ ከሆነ የእቁቡ ስሌት ይፈተናል፤ የእቁቡ ዳኛ ፍርድ ግን አይፈተንም። ጊዜ ያጠረው መምህር የሚተወው የማይፈተነውን ነው። በዚህም የተነሣ ሂደት ተኮር የሆነው የትምህርቱ ክፍል በመርሐ ትምህርቱ ላይ ተጽፎ በክፍል ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ጉዳቱም በውጤት መዝገብ ላይ አይታይም፤ ተማሪው በቁጠባ ርዕስ ጥሩ ነጥብ አግኝቷልና።

6. ማጠቃለያ

ውጤት ተኮሩ ሞዴል ለሙያና ለተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሂደት ተኮሩ ለሰብአዊ ትምህርቶችና ለኪነ ጥበብ የሚለው የተለመደ አመዳደብ እንደ መነሻ የሚጠቅም ቢሆንም ለቀረጻ ሥራ አይበቃም። በሒሳብ ውስጥ የማባዛት ስልትና አዲስ ማረጋገጫ ፍለጋ፣ በቋንቋ ውስጥ የፊደል መለየትና የልብ ወለድ ትርጓሜ፣ በነርስነት ውስጥ የደም ግፊት አለካክና ሕክምና አልቀበልም ላለ ታካሚ የሚሰጥ ምላሽ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ስለዚህ ምርጫው መካሄድ ያለበት በትምህርት ዓይነት ደረጃ ሳይሆን በእያንዳንዱ ርዕስና ተግባር ደረጃ ነው።

ለመርሐ ትምህርት አዘጋጆች የሚከተለው ተግባራዊ እርምጃ ይህ ነው፦ ለሁሉም ርዕስ አንድ ዓይነት የብቃት ዓምድ ከመሙላት በፊት ተግባሮቹን በመለያው ጥያቄ መለየት፣ ፍጻሜያቸው አስቀድሞ ለሚታወቀው የሚለካ ዓላማ መጻፍ፣ ለቀሩት ደግሞ የማስረጃ ስብስብ፣ የአካሄድ መርሕና የፍርድ መስፈርት ማዘጋጀት። ሁለቱ ክፍሎች በተከታታይ ሲሰለፉ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ያገለግላል። በእቁቡ ምሳሌ እንደታየው ተማሪው ስለ ፍትሕ በማስረጃ መከራከር የቻለው አስቀድሞ 11,000 ብሩ የማን ዕዳ እንደሆነ ማስላት በመቻሉ ነው።